ሁለት የብቻ ፎቶ፣ አንድ የቀለበት ምስል፦ የትኛው የማቀናበር መንገድ ለየትኞቹ እጮኛሞች ይስማማል?

አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላዋ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆነው ሽምግልናው ያለቀላቸውና የቀለበት ቀን የተቆረጠላቸው እጮኛሞች፣ ለጥሪው ካርድ ወይም ለአዳራሹ ባነር የሚሆን አብረው የተነሡት ፎቶ ሳይኖራቸው ቀኑ ሊደርስባቸው ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚቀረው መፍትሔ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የተነሡትን ፎቶ ከአንድ ውብ መልክዓ ምድር ጋር አዋሕዶ አንድ ምስል መሥራት ነው። ይህን ለማድረግ ዛሬ አራት መንገዶች አሉ፦ እያንዳንዱን ፎቶ በየራሱ ሽፋን አንዱን በሌላው ላይ ደርድሮ ምስሉን በእጅ ማቀናበር፣ የስልክ መተግበሪያ መጠቀም፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል የሚፈጥር መሣሪያን ማዘዝ፣ ወይም ሁለቱን ፎቶዎች ሳያዋሕዱ ጎን ለጎን ማቅረብ ናቸው። ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው «የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» ብሎ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሞ መታየት ያለባቸው ፎቶዎቹ ራሳቸው ናቸው እላለሁ። የሁለቱ ሰዎች ፎቶና የመልክዓ ምድሩ ፎቶ በብርሃን፣ በካሜራ ከፍታና በርቀት የሚስማሙ ከሆነ ተራ መተግበሪያም ያምራል፤ የማይስማሙ ከሆነ ግን የሠለጠነ ባለሙያ እንኳ ደክሞ የሚያስረክበው የተለጠፈ የሚመስል ምስል ነው።

ከሦስቱ መመዘኛዎች የመጀመሪያው ብርሃን ነው። ፎቶውን አጉልታችሁ የአፍንጫው ጥላ ወደ የትኛው ጉንጭ እንደወደቀ፣ በዓይን ብሌን ውስጥ የምትታየው ነጭ ነጥብ ደግሞ በየት በኩል እንዳለች ተመልከቱ። የእሱ ጥላ ወደ ግራ፣ የእሷ ወደ ቀኝ ከወደቀ ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችልም አንድ ነገር እንደማይገጥም ወዲያው ይሰማዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች አንዱን ፎቶ እንደ መስታወት ገልብጠው ችግሩን ለማለፍ ይሞክራሉ። ግልበጣው የጥላውን አቅጣጫ ያስተካክላል፤ ነገር ግን ነጠላው በሌላው ትከሻ ይሄዳል፣ የቀለበቱ ጣት ከግራ እጅ ወደ ቀኝ ይዛወራል፣ የጸጉሩ መከፈያ መስመርም ይቀየራል። እናት የልጇን ፊት ተገልብጦ ስታየው እንግዳ እንደሚሆንባት አትርሱ። አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን የተነሣ ፎቶ ደግሞ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን የዓይን ጉድጓድንና የአገጭን ሥር ያጠቁራል፤ ይህን ጥላ በማቀናበር ማጥፋት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው በደመናማ ሰዓት ወይም በሕንፃ ጥላ ሥር ሆኖ ፊትን ወደ ክፍት ሰማይ አዙሮ የተነሣ ፎቶ ነው፤ እንዲህ ያለው ለስላሳ ብርሃን ጎልቶ የሚታይ አቅጣጫ ስለሌለው ከሌላ ለስላሳ ብርሃን ጋር በቀላሉ ይዋሐዳል።

ሁለተኛው የካሜራው ከፍታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። በማንኛውም ፎቶ ላይ የአድማሱ መስመር የሚያልፈው በካሜራው ሌንስ ከፍታ ነው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርጎ ከያዘ፣ እሱ በቆመበት ደልዳላ መሬት ላይ የቆመን ሰው ሁሉ አድማሱ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ያቋርጠዋል፤ ሰውየው ቅርብ ቢሆን ሩቅ ቢሆን ይህ አይለወጥም። በመሆኑም አንዱ ፎቶ ከደረት ከፍታ ከተነሣ፣ ሌላውን ደግሞ ፎቶ አንሺው ተቀምጦ ከጉልበት ከፍታ ካነሣው፣ ሁለቱን በአንድ አድማስ ፊት ማቆም አይቻልም። ከታች የተነሣው ሰው አገጩና የአፍንጫው ቀዳዳ ይታያል፤ ጎኑ የቆመው ግን ፊት ለፊት ይታያል።

ሦስተኛው ርቀት ነው። በክንድ ርቀት የተነሣ ሰልፊ አፍንጫን ያጎላል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይስባል፤ ሦስት ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ያነሣው ፎቶ ግን የፊቱን ቅርጽ በተፈጥሯዊ ምጥጥኑ ያሳያል። የዚህ ምክንያት የስልኩ ጥራት ሳይሆን ርቀቱ ስለሆነ ኋላ ላይ ፎቶውን በማሳነስ ወይም በማሳደግ አይታረምም። ሰልፊን ከሙሉ ቁመና ፎቶ ጋር ለማዋሐድ አትሞክሩ።

እነዚህን ሦስቱን ከመዘናችሁ በኋላ ወደ መንገዶቹ ምርጫ መሄድ ይቻላል።

የመጀመሪያው፣ በእጅ ማቀናበር፣ ምስሉ ታትሞ በፍሬም የሚሰቀል ከሆነ ከሁሉ የሚመረጥ ነው። ሥራው በፎቶሾፕ ይሠራል፤ ክፍያውን የማይችል ሰው ጊምፕን በነጻ ኮምፒዩተሩ ላይ መጫን፣ ወይም በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ የሚሠራውን ፎቶፒያን መጠቀም ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ሦስቱም ይበቃሉ። አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። እሷ ዱባይ፣ እሱ አዲስ አበባ ነው እንበል፤ ቁመቷ 163፣ ቁመቱ 178 ሳንቲ ሜትር ነው። የመረጡት ከበስተኋላ የሚሆን ቦታ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው የወንጪ ሐይቅ ሲሆን፣ ፎቶው ከተራራው አፋፍ ላይ በደመናማ ቀን የተነሣ ነው። የሚፈልጉት 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ህትመት ነው፤ ይህም በጥሩ የህትመት ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ 2362 በ3543 ፒክስል ይሆናል።

መጀመሪያ የሚወሰነው ሰዎቹ እስከ የት እንደሚታዩ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ከጭን በላይ ያለውን ብቻ ማሳየትን ነው፤ ምክንያቱም እግር መሬት ሲነካ የሚፈጠረውን ጥላ መሥራት የዚህ ሙያ ከባዱ ክፍል ነው። ጫማው መሬቱን በነካበት ቦታ ጠባብና ጥቁር፣ ከዚያ እየራቀ ሲሄድ እየሳሳ የሚሄድ ጥላ ካልተሠራ፣ ሰውየው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሣር ላይ ከሆነ ደግሞ የሣሩ ቅጠል ጫማውን በከፊል መሸፈን አለበት። ከጭን በላይ መቁረጥ ይህን ጣጣ በሙሉ ያስቀራል።

ቀጥሎ መጠኑ ነው። በመጨረሻው ምስል ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ቁመና 20 ፒክስል እንዲሆን እንወስን። እንዲህ ሲሆን 3543ቱ ፒክስል ወደ 177 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስፍራ ያሳያል። የምስሉ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ከእሱ አናት በላይ 74 ሳንቲ ሜትር ያህል ለሰማይና ለተራራ ይተርፋል። የእሷ አናት ከእሱ አናት በ15 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም በ300 ፒክስል ዝቅ ማለት አለበት፤ 5 ሳንቲ ሜትር ተረከዝ ያለው ጫማ ታደርጋለች ከተባለ 200 ፒክስል ይበቃል። ይህን በግምት ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለቱን አናት ያስተካክልና የእሷን ፊት ከእሱ ፊት ያተልቀዋል፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ከግንባር እስከ አገጭ ያለውን ለክቶ በማነጻጸር ነው። የአዋቂ ሰዎች የፊት ርዝመት ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች ፊት በግልጽ ከተበላለጠ መጠኑ ተሳስቷል ማለት ነው።

ከዚያ አድማሱ ይቀመጣል። ሁለቱም ፎቶዎች ከ150 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ከተነሡ፣ የአድማሱ ቦታ ከምስሉ ታች 1500 ፒክስል ላይ ይሆናል፤ ይህም በእሷ ዓይን አካባቢ፣ በእሱ ደግሞ ከአገጩ ሥር ያልፋል። ወንጪ ላይ አድማሱ በተራራ ስለተከለለ በቀጥታ አይታይም፤ ነገር ግን ፎቶ አንሺው በቆመበት ከፍታ ያለው የማዶው አፋፍ በዚያው መስመር አካባቢ ይውላል፣ ሐይቁም ከዚያ በታች ይቀራል። ብዙ የተቀናበሩ ምስሎችን የሚያጋልጠው ይህ ነው፦ ውኃው በሁለቱ ጭንቅላት ትይዩ ወይም ከዚያ በላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ግን ሐይቁን ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚያየው። ስለዚህ የወንጪው ፎቶ ሐይቁ በትከሻቸውና በወገባቸው መካከል እስኪታይ ድረስ ወደ ታች መውረድ አለበት።

አሁን ፎቶዎቹ ለዚህ መጠን ይበቁ እንደሆነ ማስላት ይቻላል። እሷ በ4032 ፒክስል ቁመት ባለው የስልክ ፎቶ ላይ አራት አምስተኛውን ከያዘች፣ 3200 ፒክስል ያህል ለ163 ሳንቲ ሜትር ይደርሳታል፤ ይህም በአንድ ሳንቲ ሜትር 20 ፒክስል ገደማ ስለሆነ ልክ ይበቃል። ይኸው ፎቶ ግን በዋትስአፕ በተለመደው መንገድ ሲላክ ተጨምቆ ስለሚደርስ ከዚህ ብዙ ያነሰ ይቀራል፤ ፊቱ ሲጎላ ይደበዝዛል፣ የቀሚሱ ጥለትም ይዋዋጣል። ስለዚህ ፎቶው በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ በፋይል መልክ እንጂ በፎቶ መልክ እንዳይላክ አጥብቃችሁ አሳስቡ።

ሰውን ከጀርባው የመቁረጡ ሥራ በማሽን ምርጫ ተጀምሮ በእጅ ያልቃል። ፕሮግራሙ ትከሻንና ሱፍን በሰከንድ ይለያል፤ የሚሰንፈው ጸጉርና ነጠላ ላይ ነው። ለተበተነ ወይም ለተጠቀለለ ጸጉር ጥሩው ዘዴ ፎቶውን ሲነሡ ከኋላ ነጣ ያለ ግራጫ ግድግዳ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ጥቁሩ ጸጉር ከነጣው ጀርባ ጋር ስለሚለይ የጸጉሩን ጫፍ በሌላ ሽፋን ላይ አድርጎ፣ ጥቁሩን አስቀርቶ ነጣ ያለውን በሚያሳልፈው «Multiply» በሚባል የማዋሐድ ስልት ብሩህ ሰማይ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ነጠላ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስስ ስለሆነ የኋላው ግድግዳ ቀለም በውስጡ ያልፋል፤ ቢጫ ግድግዳ ፊት የተነሣች ሴት ነጠላዋ ወንጪ ላይ ሲቀመጥም ቢጫውን ይዞ ይሄዳል። ነጭ ግድግዳ ፊት ከሆነ ደግሞ ዘርፉ ከግድግዳው ጋር ተዋሕዶ ጠርዙ ይጠፋና ነጠላው በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል። መፍትሔው ሁለት ነገር ነው፦ ሲነሡ ነጠላውን እጥፍ አድርጎ ከትከሻ ላይ ማሳረፍ፣ ሲያቀናብሩ ደግሞ ነጭ ያለበትን የሚያሳይ፣ ጥቁር ያለበትን የሚደብቅ በሆነው ማስክ ላይ ስስ የሆነውን ክፍል ሙሉ ነጭ ሳይሆን ግራጫ አድርጎ የኋላው ተራራ በመጠኑ እንዲታይበት መፍቀድ። የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽሪት ምስል የተዋጣለት መሆን አለመሆኑን እኔ የምለየው ሌላውን ሁሉ ትቼ በነጠላው ጠርዝ ነው።

አቋማቸውን በተመለከተ፣ ከሁለት የብቻ ፎቶ እጅ ለእጅ መያያዝን ለመሥራት አትድከሙ። ጣት ከጣት ሲጠላለፍ ቆዳው ይጫናል፣ ጥላም ይጥላል፤ ያ ደግሞ ለብቻ ከተነሣ እጅ አይገኝም። ይልቅስ እሷ በትንሹ ከፊት ቆማ የእሱን አንድ ትከሻና ክንድ ብትሸፍን፣ መጠጋታቸውም ይታያል፣ የሚቸግረው እጅም ይደበቃል። ሁለቱም ሲነሡ ሰውነታቸውን በትንሹ ወደ መሐል ማዞር አለባቸው፤ እሷ የቀለበቱን እጅ ወገቧ ላይ ብታሳርፍ ቀለበቱ ያለ ችግር ይታያል። ከእሷ ትከሻ ወደ እሱ ደረት የምትወድቅ ቀጭን፣ የደበዘዘች ጥላ መጨመር ግን ግዴታ ነው፤ ያቺ ጥላ ከሌለች ሁለቱ በአንድ ቦታ አልቆሙም።

ቀለምን ለማስማማት ቀላሉ ፍተሻ የሁሉንም ሽፋን ቀለም ለጊዜው አጥፍቶ ምስሉን በጥቁርና ነጭ ማየት ነው። ቀለም ሲጠፋ ከሁለቱ አንዱ ከሌላው ይልቅ ማብራቱ ወይም መጥቆሩ በግልጽ ይታያል፤ እሱም የምስልን ብሩህነትና ጥቁረት በሚቆጣጠረው «Curves» ይስተካከላል። በቤት አምፖል የተነሣ ሰው ብርቱካናማ፣ በጥላ ሥር የተነሣ ደግሞ ሰማያዊ ስለሚል፣ የሸሚዙን ወይም የቀሚሱን ነጭ እንደ መነሻ ይዞ ማስተካከል ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ ሁለቱን ለማመሳሰል ተብሎ የሰው መልክ እንዳይቀላ ወይም እንዳይጠቁር። ጠይም ሰው ጠይም ሆኖ ይቅር፤ የሚስተካከለው ያረፈበት ብርሃን እንጂ መልኩ አይደለም። በመጨረሻ ተራራውን በጥቂቱ ማደብዘዝና በምስሉ ሁሉ ላይ እኩል የሆነ ጥቂት ደቃቅ ነጠብጣብ መጨመር ከሦስት ካሜራ የመጡትን ሽፋኖች አንድ ያስመስላቸዋል።

የስልክ መተግበሪያ መንገድ ከዚህ ሁሉ አብዛኛውን ይዘልላል። በአይፎን ፎቶውን በጣት ተጭኖ በመያዝ ሰውን ከጀርባው መለየት ይቻላል፤ ፒክስአርትና ካንቫን የመሳሰሉትም ሰውን ቆርጠው በሌላ ፎቶ ላይ ያሳርፋሉ። ምስሉ በስልክ ለሚላክ ጥሪ ብቻ ከሆነ፣ ፎቶዎቹም በለስላሳ ብርሃን ከተነሡ፣ ይህ በቂ ነው፤ ለኮምፒዩተር ሥራ መልፋት አያስፈልግም። ድክመቱ በመተግበሪያዎቹ ላይ የጸጉርንና የነጠላን ጠርዝ በረቂቅ መንገድ ማስተካከል አዳጋች መሆኑ፣ አንዳንዶቹም በነጻ የሚሰጡት ምስል መጠኑ ያነሰ መሆኑ ነው። ለባነር ከማስተላለፋችሁ በፊት የተቀመጠውን ፋይል የፒክስል መጠን እዩ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል የሚፈጥሩት መሣሪያዎች በተቃራኒው ጥላውን፣ ብርሃኑንና የተያያዘውን እጅ ሁሉ ራሳቸው ያመጡታል፤ በመጀመሪያ እይታ ከሁሉም የበለጠ የሚያምረውም የእነሱ ነው። ችግሩ ፊቱን ከፎቶው አለመቁረጣቸው፣ እንደ አዲስ መሳላቸው ነው። ስለዚህ የሚወጣው ሰው እጮኛችሁን የሚመስል ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፦ የጥርሱ አደራደር ይስተካከላል፣ ጉንጭ ላይ ያለው ምልክት ይጠፋል፣ የጆሮው ቅርጽ ይለወጣል፣ መልኩም ይቀላል። የቀሚሱ ጥበብ ደግሞ ጥልፍ የሚመስል ነገር ግን አንድ መስቀል ከሌላው የማይገጥም ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ዋናውን ፎቶና የወጣውን ምስል ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጥርስን፣ ጆሮንና የጸጉር መነሻን አነጻጽሩ፤ ከዚያ ለእናቱና ለእናቷ ምንም ሳትናገሩ አሳዩ። እነሱ ካመነቱ ምስሉን አትጠቀሙበት። እነዚህን መሣሪያዎች የምመክረው ሰዎቹን ሳይነኩ መልክዓ ምድሩን ብቻ ለማስፋት፣ ለምሳሌ በጎን የጎደለውን ሰማይ ወይም ሣር ለመሙላት ነው። በተጨማሪም የእጮኛን ፎቶ በማይታወቅ ድረ ገጽ ላይ ከመጫን በፊት ፈቃዷን ወይም ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል።

ፎቶዎቹ ፈጽሞ ካልተስማሙና ዳግም መነሣት ካልተቻለ፣ አራተኛው መንገድ ከመጥፎ ማዋሐድ ይሻላል። አንዱን የወንጪ ፎቶ ከመሐል ለሁለት ከፍሎ እሷን በግራው፣ እሱን በቀኙ ክፍል ለየብቻ ማስቀመጥ፣ በመካከላቸውም ቀጭን ነጭ መስመርና የቀለበቱን ቀን መጻፍ ይቻላል። ተመልካቹ አንድ ቦታ ቆመዋል ብሎ ስለማይጠብቅ የብርሃኑ ልዩነት አያስቸግረውም። ለመራራቃቸውም የሚስማማ አቀራረብ ነው፤ በእኔ ግምት ከሚገባው ያነሰ ትኩረት የተሰጠው መንገድ ይህ ነው።

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ምስሉ ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ አለባችሁ። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው እጮኛውን በኬ-1 ቪዛ ለመውሰድ ሲያመለክት፣ በመርሕ ደረጃ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ፎቶም ከማስረጃዎቹ አንዱ ሆኖ ይቀርባል። የተቀናበረ ምስል በዚያ ፋይል ውስጥ ቢገባ እንደ ማታለል ሊቆጠር ይችላል፤ ጣጣውም ጉዳዩን ውድቅ ከማድረግ አልፎ የወደፊት ቪዛንም ሊያስከለክል ይችላል። ስለዚህ የተቀናበረውን ምስል ከእውነተኛ ፎቶዎቻችሁ በተለየ ማኅደር አስቀምጡት፤ ስሙም መቀናበሩን የሚናገር ይሁን።

ሥራውን ለፎቶ ቤት የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ የሁለታችሁን ቁመት በሳንቲ ሜትር ጽፋችሁ ስጡ፣ መልክዓ ምድሩን ራሳችሁ ምረጡ፣ ያለቀውን ምስል ብቻ ሳይሆን ሽፋኖቹ ያልተዋሐዱበትን የፒኤስዲ ፋይልም ተቀበሉ፤ ኋላ የሚታረም ነገር ቢገኝ ሥራው ከዜሮ አይጀመርም። ትልቁን ከማሳተማችሁ በፊትም በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር አንድ ቅጂ አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩት፤ በስልክ መስታወት ላይ ያልታየ የነጠላ ጠርዝና የመልክ ልዩነት ወረቀት ላይ ይወጣል።